በ11ኛው ቀን የመጣ ብርድ

ሐሙስ ማታ ነበር። ከጣርማ በር ወዲህ ባለ አንድ የደጋ መንደር አንዲት የ52 ዓመት እናት እሳት ዳር ተቀምጠዋል። ጋቢ ደርበዋል፤ በላዩም ብርድ ልብስ ተጨምሯል። ግን ይንቀጠቀጣሉ። ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። የከንፈራቸው ዳር ቆስሏል፤ ምራቅ ሲውጡ ፊታቸው ይቋጠራል። ጎረቤት ገብታ አየቻቸውና «ምች ነው የመታት፤ በሉ ዳማከሴ ቁረጡ» አለች። ሌላዋ ደግሞ «የምን ምች? ብርድ ነው እንጂ! ትናንት ደጅ ተቀምጣ ነበር» ብላ እሳቱ ላይ እንጨት ጨመረች።

በሰሜን ሸዋ ደጋ ላደገ ሰው ሁለቱም ግምት ያስኬዳል። ትኩሳትና የከንፈር ቁስል አብረው ሲመጡ ምች እንላለን። ሲመሽ የሚያንቀጠቅጥ ብርድም የአገሩ ነው። እኔም እዚያው አካባቢ ነው ያደግኩት፤ እናቴ ዳማከሴ አሽታ አጠጥታኛለች።

እኚህ እናት ግን የጡት ካንሰር ታካሚ ናቸው። እትዬ ብዬ ልጥራቸው። የመጀመሪያውን ኬሞ የወሰዱት ባለፈው ሳምንት ሰኞ ነበር። ሰኞን አንድ ብላችሁ ብትቆጥሩ ያ ሐሙስ 11ኛ ቀናቸው ነው። በዚህ ቀን ብርድ ብርድ ያለው የኬሞ ታካሚ፣ ሌላ ምክንያት እስኪገኝ ድረስ፣ ደሙ ውስጥ ባክቴሪያ ገብቷል ተብሎ ነው የሚታሰበው። ካንሰር ክፍል የምንሠራ ነርሶች ይህንን ቀልድ አናደርገውም። አሳዛኙ ነገር ብዙ ቤት ውስጥ የመጀመሪያው ሌሊት «ምች ነው፣ ብርድ ነው» በሚለው ያልፋል። ቆላ ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ከሆነ ደግሞ «ወባ ነው» ይባላል።

ደግነቱ የእትዬ ልጅ ደብረ ብርሃን ነው የምትሠራው። የዚያን ሰሞን እናቷን ልታስታምም ሄዳ ነበር። ደወለችልኝ።

«ሲስተር፣ እማዬ በጣም ይንቀጠቀጣታል።»

«ለካሽላት?»

«አልለካኋትም። ፓራሲታሞል ልስጣት ወይ ልልሽ ነው የደወልኩት።»

«አትስጫት! መጀመሪያ ለኪ።»

ብብታቸውን በደረቅ ጨርቅ ጠርጋ ቴርሞሜትሩን አስገባች። ድምፅ እስኪሰጥ ጠበቀች። 38.4 አለ።

ወታደር የሌለበት ሳምንት

መጀመሪያ 11ኛው ቀን ለምን እንደሚያስፈራ ላስረዳ። ይህ ከገባን ሌላው በራሱ ይገባናል።

ኬሞ ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ሕዋሶችን ይመታል። የካንሰር ሕዋስ ቶሎ ይባዛል፤ የሚፈለገውም እሱ ነው። ግን በሰውነታችን ውስጥ በጤናው ቶሎ የሚባዛም አለ። የፀጉር ሥር አንዱ ነው፤ ፀጉር የሚረግፈው ለዚህ ነው። የአፍና የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን ሌላው ነው። ሦስተኛው መቅኔ ነው፤ ደም የሚሠራበት ቦታ።

መቅኔ ከሚሠራቸው ነጭ የደም ሕዋሶች መካከል ኑትሮፊል የሚባለው አለ። ባክቴሪያ ሲገባ መጀመሪያ ደርሶ የሚውጠው እሱ ነው። ወታደር በሉት። የዚህ ወታደር ችግር ዕድሜው አጭር መሆኑ ነው። ደም ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ ስለዚህ መቅኔ ቀን ከሌት ምትክ መላክ አለበት። ኬሞ መቅኔውን ሲመታው አስቀድመው የተሠሩት ለጥቂት ቀናት ያገለግላሉ። ከዚያ ምትክ ይጠፋል። ከ7ኛው ቀን አካባቢ ጀምሮ ቁጥሩ ይወርዳል። እትዬ በወሰዱት ዓይነት ኬሞ ከ10ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ታች ይደርሳል። ከዚያ መቅኔው ያገግምና በ21ኛው ቀን ግድም ቁጥሩ ይመለሳል። የሚቀጥለው ኬሞ በሦስት ሳምንቱ የሚሰጠውም ይህንኑ ታስቦ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ላይ ደረስን። መግል ምንድን ነው? አብዛኛው ሲዋጋ የሞተ ኑትሮፊል ነው። ቁስል ሲቀላ፣ ሲያብጥ፣ ሲመግል የምናየው ወታደሩ ደርሶ ስለሚዋጋ ነው። ኑትሮፊል ከሌለ መግል የለም። ቁስሉ ላይቀላ ይችላል። ሳንባ ላይ ኢንፌክሽን ኖሮ ራጁ ንጹህ ሊሆን ይችላል። ሰውየው የሽንት ኢንፌክሽን ኖሮት ሽንቱ ሲመረመር መግል ላይገኝ ይችላል። ብዙ ጊዜ ብቸኛው ምልክት ትኩሳት ነው። ያንን አንድ ምልክት በፓራሲታሞል ወይም በዲክሎፌናክ መርፌ ስናጠፋው ኢንፌክሽኑን አላዳንነውም፤ ደወሉን ነው የዘጋነው። ልጅቷን «አትስጫት» ያልኳት ለዚህ ነው።

ባክቴሪያውስ ከየት ይመጣል? ቤተሰብ ሁልጊዜ ጠያቂን ይጠረጥራል። ጠያቂ ያመጣል፣ ልክ ነው። ግን አብዛኛው የሚመጣው ከታካሚው ከራሱ አንጀት፣ አፍና ቆዳ ነው። በደኅናው ቀን ምንም የማያደርገን ባክቴሪያ፣ የቆሰለ አፍ ወይም የተሰነጠቀ ፊንጢጣ ሲያገኝ ወደ ደም ይሻገራል። የእትዬ ታሪክ ሐሙስ ማታ አልጀመረም ማለት ነው። ከሰኞው፣ ከማቅለሽለሹ ጀምሮ ነው መታየት ያለበት።

ከሰኞ እስከ ሐሙስ

የወሰዱት ኬሞ ሁለት መድኃኒት ነው፤ ዶክሶሩቢሲንና ሳይክሎፎስፋማይድ። የመጀመሪያው ቀይ ነው። በማግስቱ ሽንታቸው ቀልቶ ቤቱን አስደንግጦ ነበር፤ ደም አይደለም፣ የመድኃኒቱ ቀለም ነው፣ በአንድ ሁለት ቀን ይጠፋል። መድኃኒቱ በሽንትና በትውከት ስለሚወጣ ግን በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት የሚያስታምም ሰው ጓንት ያድርግ። ጓንት ከሌለ ንጹህ ፌስታል እጅ ላይ ማጥለቅ ይሻላል። የተበከለ ልብስም ለብቻው ይታጠብ።

ሁለቱ መድኃኒቶች አንድ ላይ ሲሰጡ በጣም ከሚያስመልሱት ወገን ናቸው። ስለዚህ ሆስፒታል ውስጥ ከኬሞው በፊት ኦንዳንሴትሮንና ዴክሳሜታዞን ተሰጥቷቸዋል። ለቤትም ክኒን ተይዞላቸዋል። የመጀመሪያው ቀን ሰላም ነበር። እትዬም «ደኅና ነኝ፣ ምን ያደርግልኛል» ብለው ክኒኑን ትተው አስቀመጡት። ማክሰኞ ማታ ማስመለስ ጀመሩ። ሲያስመልሱ ክኒን ይውጣሉ፣ ክኒኑንም ያስመልሱታል። በዚያው ሳምንት ረቡዕም ሐሙስም እንደዚያ ሆነ።

ይህን ስህተት በየሳምንቱ ነው የማየው። የኬሞ ማቅለሽለሽ ሁለት ዙር አለው። አንዱ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ይመጣል። ሁለተኛው ከ24 ሰዓት በኋላ ተነስቶ እስከ አምስተኛው ቀን ሊሄድ ይችላል። የቤቱ ክኒን የታዘዘው ለዚህ ለሁለተኛው ነው። የራስ ምታት ክኒን አይደለም፣ ሲያምም ብቻ የሚዋጥ። ደኅና ቢሆኑም በሰዓቱ ይወሰዳል፤ ማስመለስ ከጀመረ ወዲያ መልሶ መያዝ ከባድ ነው። በታዘዘው መሠረት ወስደው አሁንም የሚያስመልሳቸው ካለ ለሐኪም ይንገሩ። ማታ ማታ የሚሰጥ ኦላንዛፒን የሚባል ክኒን አለ፤ ለብዙዎች በጣም ይረዳል። እንቅልፍ ያመጣል፣ ስለዚህ ሌሊት ሲነሱ የሚደግፋቸው ሰው ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚያውቀው ፕላሲልም ጥሩ ነው፤ ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ኬሞ ብቻውን አይበቃም።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሽታ ነው ጠላቱ። ቡና ሲቆላ፣ ወጥ ሲቁላላ፣ በርበሬ ሲታመስ ታካሚውን ሌላ ክፍል አስቀምጡ፤ ወይም ቡናውን ለአምስት ቀን ጎረቤት ጠጡ። እናት ቡና ካልቀመሰች ራሷን ያማታል ይባላል፣ አውቃለሁ። ፈልቶ ቀዝቀዝ ያለ ቡና ከፈለጉ ይጠጡ፤ የሚከብደው የመቁላቱ ጭስ ነው። ምግብ በትንሽ በትንሹ፣ ለብ ያለ ወይም ቀዝቃዛ ይሁን። ቀጭን አጥሚት፣ በውኃ የተበጠበጠ በሶ፣ ዳቦ ቆራርሶ በሻይ። ሰው ሲጨነቅ «ብዪ እንጂ፣ አንድ ጊዜ ጉረሺ» ይላል። ማጉረስ ፍቅር ነው፣ በዚያ ሳምንት ግን ማስጨነቅ ይሆናል። ከምግቡ ይልቅ ፈሳሹን ተከታተሉ። ቀኑን ሙሉ ውኃ እንኳ ካልረጋላቸው፣ ሽንታቸው ከጠቆረ ወይም ከጠፋ፣ ሲነሱ ዓይናቸው ከጨለመ ቤት መቀመጥ አይገባም። ጾም ከሆነ ደግሞ የንስሐ አባታቸውን ጥሩላቸው። ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው አታስገድድም። ይህንን ግን ከእኔ ይልቅ ከካህኑ አፍ ሲሰሙት ልባቸው ያርፋል።

አንድ የተደበቀ ነገር አለ። ኦንዳንሴትሮን ሆድ ያደርቃል። ምግብ ያልበላ፣ ፈሳሽ ያልጠጣ ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። እትዬ አራት ቀን ሳይወጡ ቆይተው በስድስተኛው ቀን ሲያምጡ ደማ። ለማንም አልተናገሩም፤ አፈሩ። ኋላ ሆስፒታል ስጠይቃቸው ነው ያወቅነው። ይህ ትንሽ ስንጥቅ፣ ወታደር ለሌለው ሰው፣ የተከፈተ በር ነው። ስለዚህ ሆድ ሲደርቅ ቶሎ ይነገር፤ የሚያለሰልስ መድኃኒት ይታዘዛል። በፊንጢጣ የሚገባ ምንም ነገር አይሰጥም። ቴርሞሜትርም ቢሆን፣ ማስታገሻም ቢሆን፣ ለሆድ ድርቀት የሚገባ ፈሳሽም ቢሆን። ኮሶም በዚህ ሰሞን አይታሰብ።

ሁለተኛው በር አፍ ነው። በ7ኛው ቀን፣ እሑድ፣ እትዬ የአፋቸው ውስጥ እንደተቃጠለ ሆነባቸው። ሰኞ የከንፈራቸው ውስጠኛ ክፍልና የምላሳቸው ጎን ቆሰለ። የአፍ ሽፋን እንደ መቅኔው ምትክ ሳያገኝ ቀርቶ ሳስቶ ይላጣል፤ ጊዜውም ከኑትሮፊሉ መውረድ ጋር ይገጥማል። ቁስሉ የሚታየው ወታደሩ በሌለበት ሳምንት ነው። በዚያ ላይ እትዬ የለመዱትን የገብስ ቆሎ ቅዳሜ ዕለት ቆርጥመዋል፤ ጥርሳቸውንም እንደ ሁልጊዜው በእንጨት መፋቂያ ነው የፋቁት። ሁለቱም የሳሳውን ሽፋን ይቧጭሩታል።

የአፍ እንክብካቤው ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው ሳያቋርጡ መሥራቱ ነው። አንድ ሊትር ውኃ አፍልታችሁ አቀዝቅዙ። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩበት። ሶዳ ነው የምላችሁ፤ ኬክ የሚያስነሳው ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነው። ታካሚው ከምግብ በኋላና ከመተኛቱ በፊት፣ በቀን ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ፣ አፉን ይጉመጥመጥበትና ይትፋው። በየቀኑ አዲስ ይዘጋጅ። ጥርስ በሕፃን ብሩሽ ወይም በጣም ለስላሳ በሆነ ብሩሽ ይቦረሽ፤ እሱም ካመመ ንጹህ ስስ ጨርቅ በዚያው ውኃ ነክሮ መጥረግ ነው። ይህንን ቁስል ሳይጠብቁ ኬሞው በተሰጠ ዕለት መጀመር ነው የሚሻለው። በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ሎሚና ቆሎ ይቅሩ። «አረቄ ይገድለዋል» ብሎ የሚያስጉመጠምጥ ሰው አይጠፋም፤ አልኮል ሽፋኑን ያደርቀዋል፣ ሕመሙንም ያብሰዋል።

ቤተሰብ በባትሪ ብርሃን በየቀኑ አፍ ይይ። እኛ ነርሶች ደረጃ እንሰጠዋለን፤ እናንተ ግን አንድ ጥያቄ ይበቃችኋል። ምን መዋጥ ይችላሉ? እንጀራ ከበሉ ገና ነው። ፈሳሽ ብቻ ከሆነ የሚውጡት፣ ሐኪም ማወቅ አለበት፤ በቂ ማስታገሻ ያስፈልጋቸዋል። ፈሳሽም ካቃታቸው ሆስፒታል ነው። ምላስ ላይ እንደ እርጎ ያለ ነጭ ነገር ካለና ሲጠረግ ሥሩ ቀልቶ ከታየ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ለሱ የራሱ መድኃኒት አለው፤ ጨውና ሶዳ ብቻውን አያጠፋውም።

ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት

ወደ ሐሙስ ማታ ልመለስ። 38.4 ስትለኝ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነበር። መቁረጫችን 38 ነው። ሲለካ 38 ከሆነ፣ ወይም ከዚያ በላይ፣ «እስኪነጋ እንየው» የለም። ብብት ደግሞ ከውስጡ ሙቀት ዝቅ አድርጎ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ በብብት 37.7 ወይም 37.8 ቢል እንኳ ታካሚው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ እኔ እንደ ትኩሳት ነው የምቆጥረው። ጭራሽ ትኩሳት ሳይኖርም ይሆናል። ዴክሳሜታዞን የሚወስድ ሰው ወይም ሽማግሌ ሳያተኩሰው ሊከፋ ይችላል። መቀባዠር፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ ድንገት መድከም፣ የእጅ መቀዝቀዝ ካያችሁ ቴርሞሜትሩ ምንም ቢል ተነሱ።

መኪና ተለምኖ ወደ ከተማ ወረዱ። መንገድ ላይ ልጅቷን አንድ ነገር አስጠናኋት። ድንገተኛ ክፍል ስትደርሺ «እናቴ አሟታል» አትበይ፤ ከሁሉም በፊት እንዲህ በይ አልኳት፦ «ኬሞ ላይ ናት፣ ዛሬ 11ኛ ቀኗ ነው፣ ትኩሳቷ 38.4 ነው።» የኬሞ ካርዱንም ከላይ አድርጊ። ያስፈለገበት ምክንያት አለ። እትዬ በእግራቸው ነው የገቡት፤ ይናገራሉ፣ ደም አይፈሳቸውም። ከሩቅ ላያቸው ወረፋ መጠበቅ የሚችሉ ይመስላሉ። የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ ግን በደረሱ በአንድ ሰዓት ውስጥ በደም ሥር መግባት አለበት።

ሆስፒታል ሩቅ ከሆነባችሁና ጤና ጣቢያ ቅርብ ከሆነ እዚያው ሂዱ፤ ያንኑ ተናገሩ፤ ከኬሞ ክፍሉ ጋር በስልክ አገናኟቸው። የመጀመሪያውን አንቲባዮቲክ በደም ሥር ሰጥተው ሪፈር ሊያደርጉ ይችላሉ። የወባ ምርመራ መሥራታቸው ትክክል ነው፣ በተለይ ቆላው ላይ። ታይፎይድም ይመርምሩ። ግን ወባ ተገኘ ማለት ሌላው የለም ማለት አይደለም። የክኒን አንቲባዮቲክ ይዞ ወደ ቤት መመለስም ለዚህ ታካሚ መፍትሔ አይሆንም፤ ለክኒን የሚበቁ ታካሚዎች አሉ፣ ያንን የሚወስነው ግን ደሙን አይቶ የካንሰር ሐኪሙ ነው።

እትዬ ሲደርሱ የደም ግፊታቸው 95 በ60፣ የልብ ምታቸው 124 ነበር። ካኑላ የሚባለው ቀጭን ቱቦ ደም ሥራቸው ውስጥ ገባ። አንቲባዮቲኩ ከመጀመሩ በፊት ከሁለት የተለያየ ቦታ ደም ለካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያ አሳድጎ ለሚለይ ምርመራ፣ ተወሰደ፤ ሁለት ቦታ የሚሆነው ባክቴሪያው ከቆዳ የተቀላቀለ ነው ወይስ የእውነት ደም ውስጥ ያለ የሚለውን ለመለየት ነው። ከዚያ ውጤት ሳይጠበቅ ሴፌፒም የሚባል አንቲባዮቲክ ተጀመረ፣ ፈሳሽም ተከፈተ።

ሲቢሲ የምንለው የደም ሕዋስ ቆጠራ ውጤቱ ኋላ መጣ። ወረቀቱ ላይ ነጭ የደም ሕዋስ 1,100 ይላል። ከዚያ ውስጥ ኑትሮፊል 20 በመቶ ነው። ስሌቱን ማንም ሊሠራው ይችላል፦ 1,100 ሲባዛ በ20፣ ሲካፈል ለ100። 220 ይሆናል። ከ500 በታች ከሆነ ከባድ ነው የምንለው፤ ከ100 በታች ደግሞ እጅግ ከባድ። ጠቅላላውን ቁጥር ብቻ አይቶ መወሰን ያሳስታል። ነጭ ሕዋሱ 3,000 ሆኖ ኑትሮፊሉ 10 በመቶ ብቻ የሆነ ሰው አለ፤ የሱ 300 ነው። በነገራችን ላይ በአገራችን በጤናቸው ጊዜም ኑትሮፊላቸው ዝቅ ያለ ብዙ ሰዎች አሉ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ኬሞ በፊት የተሠራውን ሲቢሲ አትጣሉት፤ የራሳቸው መነሻ እሱ ነው።

የነርስ ሥራ የሚበዛው ከዚህ በኋላ ነው። መጀመሪያ በየ15 ደቂቃው፣ ኋላ በየአራት ሰዓቱ ሙቀት፣ ግፊት፣ ትንፋሽና የልብ ምት ይለካል። ለብቻ ክፍል አልነበረም፤ ስለዚህ ከሚያስሉትና መግል ያለው ቁስል ከያዙት ራቅ ያለውን የጥግ አልጋ አስለቀቅንላቸው። አልጋው ላይ «እጅ ሳትታጠቡ አትንኩ» የሚል ወረቀት ለጠፍን። ሐኪሙንም ይጨምራል። በየፈረቃው ካኑላው የገባበት ይታያል፤ ሲያማቸው ወይም ሲቀላ ይነቀላል። መግል አይጠበቅም፣ መግል አይመጣምና። ብብት፣ ጡት ሥር፣ ብሽሽት ይታያል። መጋረጃ ስቤ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ሲቀመጡ ያምዎታል?» ያልኳቸው በዚያ ሌሊት ነው። ዝም አሉ። ከዚያ «ከእሑድ በፊት ጀምሮ» አሉኝ። ይህ መልስ ለሐኪሙ ትልቅ ነገር ነበር፤ በአንጀት አካባቢ ያለ ኢንፌክሽንን የሚሸፍን መድኃኒት ተጨመረ።

ጠያቂ፣ ጠበልና ላም

ሆስፒታል በገቡ በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀ። በኬሞው 16ኛ ቀን ኑትሮፊላቸው ከ1,000 አለፈና ወደ ቤት ሄዱ። ሲሄዱ ከልጅቷ ጋር ቁጭ ብለን ስለ ቤቱ ተነጋገርን።

ጠያቂ አይከለከልም፤ የአገራችን ሰው ካልተጠየቀ ይከፋዋል። ልጅቷ በር ላይ ጆግና ሳሙና አስቀመጠች፣ ሁሉም ታጥቦ ይገባል። መሳሳም ለዚያ ሁለት ሳምንት ቀረ። የሚያስል ከደጅ ሆኖ «እግዜር ይማርሽ» ይላል። እንደኔ ከሆነ ጠያቂ በብዛት ይምጣ ከተባለ ከ15ኛው ቀን በኋላ ይምጣ።

ከብቶቹ ከመኖሪያው ቤት ይለዩ፤ ኩበት ሌላ ሰው ይጠፍጥፍ፣ እበት ሌላ ሰው ይጥረግ። ጥሬ ሥጋ፣ ያልፈላ ወተት፣ ካልፈላ ወተት የወጣ አይብ በዚህ ጊዜ አይቀርብም። ወተት ይፍላ፣ ሥጋ ይብሰል፣ ፍራፍሬ ታጥቦ ይላጥ።

ጠበልን በተመለከተ ልጅቷ ፈራ ተባ እያለች ነው የጠየቀችኝ። እምነታቸውን የሚነካ ነገር አልነገርኳትም። ምንጭ ውኃ ወታደር የሌለው ሆድ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ግን ነገርኳት። የንስሐ አባታቸውን አማከሩ፤ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ድረስ ጸሎት ብቻ እንዲሆንና ጠበሉ ወደ ሦስተኛው ሳምንት እንዲዛወር ካህኑ ራሳቸው ወሰኑ።

ሁለተኛው ኬሞ በአንድ ሳምንት ዘገየ፤ አፋቸው ፈጽሞ እስኪድን ተጠበቀ። ከዚያ ሐኪማቸው ፊልግራስቲም የሚባል መርፌ አዘዘላቸው። መቅኔው ኑትሮፊል ቶሎ እንዲያመርት ይቀሰቅሳል። ኬሞው ካለቀ 24 ሰዓት ካለፈ በኋላ ይጀመራል፣ ለተወሰኑ ቀናት በየቀኑ ከቆዳ ሥር ይወጋል። አጥንት ያማል፤ ወገብና ዳሌ ላይ ይሰማል፤ መቅኔው እየሠራ ነው። ችግሩ መርፌው ፍሪጅ ይፈልጋል። መንደሩ ላይ ፍሪጅ የለም። ስለዚህ እትዬ ያንን ዙር ደብረ ብርሃን ልጃቸው ቤት ከረሙ፣ መርፌውንም ቅርብ ባለው ጤና ጣቢያ እየሄዱ ተወጉ። የማቅለሽለሹን ክኒን ልጅቷ በሰዓቱ ሰጠቻቸው፤ ሽንት ቤት ሲቀመጡ እንደሚያማቸውም አሁን ይነግሯታል።

ግድግዳው ላይ የቀን መቁጠሪያ ሰቅላ ከ7 እስከ 14 ያሉትን ቀናት በቀይ አክብባለች። በነዚያ ቀናት ጠዋትና ማታ ትለካቸዋለች፤ ከለካች በኋላ አፋቸውን በስልኳ ባትሪ ታያለች። በሁለተኛው ዙር 11ኛ ቀን፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ፣ ስልኬ ጮኸ። ደንግጬ ነው ያነሳሁት።

«36.7 ናት፣ ሲስተር» አለችኝ። «አፏም ንጹህ ነው። አጥሚቷን ጨርሳለች።»